ስድስት ዲግሪ የት ተለካ? ከዝዋይ እስከ ቦሌ ባለው የፎሶሊያ የቅዝቃዜ ሰንሰለት የሙቀት መዛግብት አነባበብ

ከስምጥ ሸለቆ እርሻዎች ተለቅሞ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ የሚላክ ለጋ ፎሶሊያ በመድረሻው ጠውልጎ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ከተገኘ፣ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል፤ አልያም ጭነቱን ጨርሶ አይረከብም። ቀጥሎ የሚነሣው ክርክር ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉም ወገን መዝገቡን ይዞ ይቀርባል። የማሸጊያ ቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል 5 ዲግሪ ነበር፤ የመኪናው ማቀዝቀዣ 6 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ የአውሮፕላን ማረፊያው መጋዘንም ከተፈቀደለት ወሰን አልወጣም። መዛግብቱ ሁሉ ንጹሕ ሆነው ሳለ ፎሶሊያው ተበላሽቷል።

ይህ እንዲሆን የግድ አንዱ ወገን መዋሸት የለበትም። መዛግብቱ የለኩት በአመዛኙ የአየሩን ሙቀት ሲሆን፣ የሚበላሸው ግን ፎሶሊያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለብዙ ሰዓታት ከ10 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ፣ በጉዞው ላይ እንዴት ተሰውሮ እንደሚያልፍና መዝገብን በማንበብ እንዴት ሊታወቅ እንደሚችል ያብራራል። ዲግሪ ሲባል ሁልጊዜ ሴንቲግሬድ ነው። በምሳሌነት የቀረቡት ጭነቶች ስሌቱን ለማሳየት የታሰቡ እንጂ በመስክ የተለኩ አይደሉም።

ፎሶሊያ የሚፈልገው የሙቀት ወሰን ጠባብ ነው

ፎሶሊያ ከተለቀመ በኋላም ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። ያከማቸውን ስኳር እያቃጠለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ያወጣል። ገና ለጋ ሳለ ስለሚለቀም ትንፈሳው ከብዙዎቹ አትክልቶች የፈጠነ ነው። በ5 ዲግሪ አንድ ኪሎ ፎሶሊያ በሰዓት 17 ሚሊ ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጣ፣ በ20 ዲግሪ ግን መጠኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ስሌት በ18 ዲግሪ የሚገኝ አንድ ቶን ፎሶሊያ ከ300 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል። ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ካጣ ምርቱ በየሰዓቱ 0.3 ዲግሪ ገደማ ራሱን በራሱ ያሞቃል። በፓሌት መካከል የተቀበረ ካርቶን ከዳር ካሉት ሁሉ የሚሞቀው ስለዚህ ነው።

መፍትሔው እስከ በረዶ ነጥብ ማቀዝቀዝ እንዳይሆን ደግሞ ሌላ ወሰን አለ። ፎሶሊያ መነሻው ሞቃት አገር የሆነ ተክል ስለሆነ ከ5 ዲግሪ በታች ሲቆይ የቅዝቃዜ ጉዳት ያገኘዋል። በ1 ዲግሪ ሁለት ቀን ያህል፣ በ2.5 ዲግሪ ደግሞ አራት ቀን ያህል ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ልዩ ልዩ ዝርያዎች በዚህ ይለያያሉ። ጉዳቱ በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አይታይም። የሚገለጠው ምርቱ ወደ ሙቀት ከወጣ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በተቦረቦረና ቡናማ በሆነ ቆዳ ነው። ስለዚህ የሚመከረው ወሰን ከ5 እስከ 7.5 ዲግሪ ብቻ ነው።

ይህ ጠባብ ወሰን በእኛ አገር የራሱ ችግር አለው። በአየር ከሚላከው የሆርቲካልቸር ምርት ትልቁን ቦታ የያዘው ጽጌረዳ ሲሆን፣ ጽጌረዳ የሚመቸው ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ነው። ፎሶሊያ በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ከአበባ ጋር ሲደረደር ክፍሉ የሚስተካከለው ለአበባው ነው። በዚያ ያደረ ፎሶሊያ መዝገቡ እጅግ መልካም ይመስላል፤ ከወሰን በላይ የወጣ አንድም ንባብ የለውም። በእኔ ግምት የማንቂያ ደወላቸው ለከፍተኛ ሙቀት ብቻ የተስተካከለ መዝጋቢዎች ለፎሶሊያ ግማሽ ሥራ ብቻ ነው የሚሠሩት።

የመስክ ሙቀት እንዴት ይወጣል?

ፎሶሊያ ከማሳ ሲመጣ የማሳውን ሙቀት ይዞ ነው። በዝዋይ አካባቢ ከሰዓት በኋላ የተለቀመ፣ በተለይም ሣጥኑ ጥላ ሳያገኝ የቆየ ምርት፣ የውስጥ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ቢሆን የሚያስገርም አይሆንም። ይህን የመስክ ሙቀት ከጉዞ በፊት ማውጣት ቅድመ ማቀዝቀዝ ይባላል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥና ቅድመ ማቀዝቀዝ ግን አንድ አይደሉም።

ልዩነቱን ለመረዳት ግማሽ የማቀዝቀዣ ጊዜ የሚባለው መለኪያ ይረዳል። ይህም በምርቱና በአየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። Z ብንለው፣ በማንኛውም ጊዜ የሚኖረው የምርቱ ሙቀት እንዲህ ይሰላል፦

```
T(t) = Ta + (T0 - Ta) * (1/2)^(t/Z)
```

T0 የምርቱ መነሻ ሙቀት፣ Ta የአየሩ ሙቀት፣ t ያለፈው ጊዜ ነው። ቀመሩ ከትንፈሳ የሚመነጨውን ሙቀት አይቆጥርም። ስለዚህ አየር በደንብ በማይዘዋወርበት ክምር ውስጥ እውነተኛው ሙቀት ቀመሩ ከሚሰጠው በላይ ይሆናል።

አሁን ሁለት ጭነቶችን እንውሰድ። ሁለቱም በ27 ዲግሪ ደርሰው አየሩ 5 ዲግሪ ወደሆነ ክፍል ገቡ። የመጀመሪያው ማራገቢያ አየሩን በካርቶኖቹ ቀዳዳ በግድ እየሳበ በሚያሳልፍበት መሣሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ግማሽ የማቀዝቀዣ ጊዜው አንድ ሰዓት ነው እንበል። መነሻው ልዩነት 22 ዲግሪ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ 11፣ ከሁለት በኋላ 5.5፣ ከሦስት በኋላ 2.75 ይሆናል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ፎሶሊያው 7.75 ዲግሪ ደረሰ። ሁለተኛው ጭነት እንደተደረደረ በክፍሉ ወለል ላይ ብቻ ቆመ። ቀዝቃዛው አየር የሚነካው የክምሩን ዳር ብቻ ስለሆነ ግማሽ የማቀዝቀዣ ጊዜው ስምንት ሰዓት ሆነ። ይህ ጭነት የመጀመሪያውን እጥፍ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ቢቆይ እንኳ የውስጥ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ በታች አይወርድም። በክፍሉ በር ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ግን ለሁለቱም ጭነቶች 5 ዲግሪ ያሳያል።

በግድ በሚሳብ አየር ማቀዝቀዝም ቢሆን መሣሪያው ስላለ ብቻ አይሳካም። አየር ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። የካርቶኖቹ ቀዳዳዎች ካልተገጣጠሙ፣ በፓሌቱ ሥር ያለው ክፍተት ካልተዘጋ፣ ወይም ከላይ የሚዘረጋው ሸራ ዳሩ ከተነሣ፣ አየሩ ፎሶሊያውን ሳይነካ ዙሮ ወደ ማራገቢያው ይመለሳል። በካርቶኑ ውስጥ የሚደረገው ፕላስቲክ ከረጢትም የውሃ ብክነትን ይቀንሳል እንጂ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። የማራገቢያው ድምፅና የአየሩ ብርድ ሠራተኛውን ያዘናጉታል። ትክክለኛው ማረጋገጫ በየግማሽ ሰዓቱ የፎሶሊያውን የውስጥ ሙቀት እየለኩ Zን ራሱን ማስላት ነው።

በውጭ አገር መጻሕፍት ከሚገኙ ሠንጠረዦች Zን መዋስ ደግሞ ሌላ ስሕተት ያመጣል። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር 18 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ማራገቢያ የሚገፋው ይዘትን ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተሠራ ማራገቢያ እዚህ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ይሆናል፤ Zም ይረዝማል። ምን ያህል እንደሚረዝም በቦታው መለካት እንጂ መገመት አይገባም።

መኪናው ምን ይለካል?

ከዝዋይ በሞጆ አድርጎ ቦሌ የሚደርሰው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጫንና መጠበቅ ሲጨመርበት ሦስት ሰዓት ተኩል እንበል። ሁለቱ ጭነቶቻችን ማቀዝቀዣቸው በ6 ዲግሪ በተስተካከለ ተመሳሳይ መኪኖች ተጫኑ።

ማቀዝቀዣ የተገጠመለት መኪና የተሠራው ቀዝቃዛን ምርት ቀዝቃዛ አድርጎ ለማቆየት ነው። በግድግዳውና በበሩ የሚገባውን ሙቀት ያወጣል፤ የመስክ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ግን ውስን ነው። ሦስት ቶን ፎሶሊያን ከ18 ወደ 6 ዲግሪ ለማውረድ፣ የአንድ ኪሎ ፎሶሊያ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመቀነስ 3.9 ኪሎ ጁል ያህል መውጣት እንዳለበት ብንቆጥር፣ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ማውጣት ያስፈልጋል። በሦስት ሰዓት ተኩል ለመጨረስ ያለማቋረጥ 11 ኪሎ ዋት፣ ከትንፈሳውም ሙቀት ጋር 12 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ማቀዝቀዣው ይህ አቅም ቢኖረው እንኳ አየሩ በፓሌቶቹ ላይና ጎን ያልፋል እንጂ በመካከላቸው አያልፍም። የዚህን ክምር ግማሽ የማቀዝቀዣ ጊዜ 12 ሰዓት ብንወስድ፣ ሁለተኛው ጭነት ቦሌ ሲደርስ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ከ7.5 ዲግሪ ብዙ አይርቅም።

የሾፌሩ ሰሌዳ ግን በሁለቱም መኪኖች ለ6 ዲግሪ የቀረበ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የማቀዝቀዣው መለኪያ የሚቀመጠው አየሩ ከማቀዝቀዣው በሚወጣበት ወይም ወደ እርሱ በሚመለስበት ቦታ ነው። የሚወጣው አየር ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለ ጭነቱ የሚናገረው ነገር የለም። የሚመለሰው አየር ይሻላል፤ ከጭነቱ ሙቀት ጥቂት ይዞ ይመጣልና። ሆኖም አየሩ በጭነቱ ውስጥ ሳያልፍ በጣሪያው ሥር ዙሮ ከተመለሰ እርሱም ያታልላል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድነት ሲመዘገቡ ግን ጠቃሚ ፍንጭ ይገኛል። የሚወጣውና የሚመለሰው አየር ልዩነት ለረጅም ጊዜ ሰፊ ሆኖ ከቆየና ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት ከሠራ፣ መኪናው ሞቃት ምርት እንደተጫነበት መጠርጠር ይገባል።

በቦሌ የሚያጋጥመው

አዲስ አበባ ከዝዋይ ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነች ብዙዎች በዚህ ደረጃ ያለውን አደጋ አቅልለው ያዩታል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ፓሌት በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን የሚሞቀው በአካባቢው አየር መጠን ሳይሆን በጨረሩ ነው። ፕላስቲኩ ብርሃኑን ያስገባል፤ ሙቀቱን ግን በቀላሉ አያስወጣም።

ሁለተኛው አደጋ ጤዛ ነው። አየሩ 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን፣ የጤዛ ነጥቡ 9 ዲግሪ ገደማ ነው። በ6 ዲግሪ የደረሰ ፎሶሊያ ለዚህ አየር ሲጋለጥ ላዩ ይረጥባል። እንደገና ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ ውሃው በከረጢቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራልና ለሻጋታና ለቆዳው ቡናማ መሆን ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። እዚህ ላይ ያለው ምጸት በደንብ የቀዘቀዘው የመጀመሪያው ጭነት መርጠቡ፣ በ16 ዲግሪ የደረሰው ሁለተኛው ግን ደረቅ መሆኑ ነው። በርክክብ ጊዜ ካርቶን ከፍቶ በዓይን ብቻ የሚመረምር ሰው ሁለተኛውን ሊመርጥ ይችላል። ሁለተኛው ጭነት የሚከፍለው ቆይቶ፣ በመጠውለግና በመበስበስ ነው።

የመዝገቡ ቅርጽና ሰዓቱ

በካርቶን ውስጥ፣ በፎሶሊያው መካከል የተቀመጠ መዝጋቢ ከሰሌዳው የተሻለ ይነግረናል፤ የሚነበበው ግን አማካዩ ሳይሆን ቅርጹ ነው። ከፍ ብሎ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር ያልወጣ የመስክ ሙቀት ምልክት ነው፤ ጥፋቱ መዝገቡ ከመጀመሩ በፊት የተፈጸመ ነው። በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ትናንሽ ጉብታዎች ማቀዝቀዣው በረዶውን የሚያቀልጥባቸው ጊዜያት ስለሆኑ አያሳስቡም። ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ የሚወጣና ቀስ ብሎ የሚመለስ ጉብታ ደግሞ ፀሐይ ላይ መቆምን ወይም የማቀዝቀዣ መጥፋትን ያመለክታል። መዝጋቢው በካርቶኑ ክዳን ሥር ወይም ከፓሌቱ ውጭ ከተለጠፈ ግን የበር መከፈቱን ሁሉ ይመዘግባል፤ ከሁሉ የሚብሰውን የመሐል ሙቀት አያይም።

መዝጋቢ በሌለበት በርክክብ ጊዜ በእጅ መለካት አለበት። የፎሶሊያ ቀንበጥ ቀጭን ስለሆነ የቴርሞሜትሩን ዘንግ በአንዱ ውስጥ መትከል አስቸጋሪ ነው። ከፓሌቱ መካከል በተወሰደ ካርቶን ውስጥ ጠበቅ ባለ ክምር መሐል አስገብቶ ንባቡ እስኪረጋ መጠበቅ ይበቃል። ከሩቅ የሚለካው በጨረር የሚሠራ መሣሪያ የካርቶኑን ልብስ እንጂ ፎሶሊያውን አይለካም። ቴርሞሜትሩ ራሱ በተፈጨ በረዶና ውሃ ቅልቅል 0 ዲግሪ ማሳየቱ ይረጋገጥ። በሚፈላ ውሃ 100 ዲግሪን መፈተሽ ግን በእኛ ከፍታ አያስኬድም፤ በዝዋይ ውሃ የሚፈላው ከ94 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰዓት ነው፤ እንደ ትንሽ ነገር ሲታለፍ አያለሁ። ብዙ መዝጋቢዎች በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ይሠራሉ፤ ይህም ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የርክክብ ቅጹን የሚሞላው ሠራተኛ ደግሞ ቀኑን ከማለዳ 12 ሰዓት ጀምሮ ይቆጥራል። አንድ ሌላ ጭነት እንውሰድ። ከመዝጋቢው የተወሰዱ አራት ንባቦች እነዚህ ናቸው፦

```
09:00Z  6.4
09:20Z  7.1
10:50Z  14.8
14:00Z  10.2
```

በእጅ የተጻፈው ቅጽ «መኪናው የደረሰው 6:10፣ ርክክብ 8:00» ይላል። በመድረሻው አገር ያለው መርማሪ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ቆጣጠር ካነበባቸው፣ ሙቀቱ መውጣት የጀመረው ከርክክቡ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ስለሚመስለው ጥፋቱን በተረካቢው ላይ ያደርጋል። ነገር ግን በመዝጋቢው 09:20 ማለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6:20 ነው፤ 10:50 ደግሞ 7:50 ነው። ሙቀቱ የወጣው መኪናው ከደረሰ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጀምሮ ርክክቡ ሊፈጸም አሥር ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ፣ ጭነቱ ገና በአጓጓዡ እጅ ሳለ ነው። ይህ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ወይም በሩ ተከፍቶ ተራ ሲጠበቅ ከነበረበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ቅጹ ላይ «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለው ቃል ካልተጻፈና የመዝጋቢው የሰዓት ክልል በጭነቱ ሰነድ ላይ ካልተመለከተ፣ ከቀናት በኋላ በሌላ አገር የተቀመጠ ሰው ይህን ሊለይ የሚችልበት መንገድ የለውም።